ባለ ደመወዙ ይከፍላል፣ ባዶው ቦታስ?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ በቅርቡ "ከደመወዝ ይልቅ መሬት ላይ ግብር መጣል ፍትሐዊም ውጤታማም ነው" በሚል ርዕስ ደጋፊ ሆነው ተከራክረው ነበር። አንድ ዳኛ ግን ነገሩን ገና ሳይሰሙ "እኛ አገር መሬት የመንግሥት ስለሆነ ርዕሱ አይመለከተንም" ብለው ዘጉት። ይህን አባባል ከአንድ ሰው ብቻ ብሰማው ባልጻፍኩ። በየክርክሩ ስለሚነሳ ግን ንግግሩን እንደገና አሰናድቼ ልኬያለሁ። ሌሎች መምህራንና ተማሪዎች እንዲጠቀሙበት ቢያትሙልኝ ደስ ይለኛል።

የተከበራችሁ ዳኞች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣

ከአንድ የጭቃ ቤት ልጀምር። ደብረ ብርሃን ጠባሴ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ዳር ነው እንበል። ቆርቆሮው ዝጓል፣ ግድግዳው ተላልጧል። ባለቤቱ ይሸጠዋል። ውሉ ላይ የሚጻፈው "ቤት" ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥምና። ገዢው ካርታውን በስሙ ባዞረ ማግስት ግን ቤቱን ያፈርሰዋል። ታዲያ ያን ሁሉ ብር የከፈለው ለጭቃው ነው? ደላላውን ጠይቁት። "ቦታው ነው እንጂ ቤቱማ ምን አለው" ይላችኋል።

ስለዚህ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው የሚለው በሕጉ ትክክል ነው። የቦታውን ጥቅም የሚበላው ግን ባለ ይዞታው ነው። እኛ ግብር ይጣልበት የምንለው ይህንኑ ጥቅም ነው። ቤቱን ሳንቆጥር፣ ቦታው ባዶውን በዓመት ስንት ሊከራይ ይችላል? ጥያቄያችን ይኸው ነው።

ያን ዋጋ የፈጠረው ማነው? የከተማችን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ተቋቋመ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ተመረቀ። አስፋልትና ውኃ ገባ፣ ተከራይ በዛ፣ ሱቅ ተፈለገ። ከመንገዱ ዳር ቦታ የያዘ ሰው በእነዚህ ዓመታት አንድ ድንጋይ ባያነሳም ቦታው ተወዷል። ዋጋውን ያመጣው የሌላው ሰው ሥራና የሕዝብ ገንዘብ ነው።

አሁን ወደ ደመወዝ እንምጣ። ፓርኩ ውስጥ በወር 10,000 ብር የምታገኝ ሠራተኛ አለች እንበል። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው። ከዚያ በላይ ያለው በየእርከኑ 15፣ 20 እና 25 በመቶ እየተቆረጠ የሥራ ግብሯ 1,650 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ እጇ ላይ ሳይደርስ ነው የሚቀረው። ማታ ቆይታ የ1,000 ብር ትርፍ ሰዓት ብትሠራስ? አሁን 30 በመቶው እርከን ውስጥ ገብታለች። 300 ብር ይቆረጣል፣ 700 ብር ይዛ ትሄዳለች።

ብዙ ሰው ጉዳቱን እዚህ 300 ብር ላይ ያቆማል። ዋናው ጉዳት ግን ያልተሠራው ሥራ ነው። ሠራተኛዋ ለዚያ ማታ ድካሟ ቢያንስ 800 ብር ካላገኘች ወደ ቤቷ መሄድ ትመርጣለች እንበል። አሠሪው ደግሞ 1,000 ለመክፈል ዝግጁ ነው። ግብር ባይኖር ሁለቱ ይስማሙ ነበር። ግብሩ ስላለ ግን ትርፍ ሰዓቱ ይቀራል። አሠሪው ሥራው አልተሠራለትም፣ እሷም ገንዘቡን አላገኘችም፣ መንግሥትም 300ውን አልሰበሰበም። ሦስቱም ከሰሩ፤ ያተረፈ ደግሞ የለም። ግብሩን ሽሽት በወረቀት ትንሽ ደመወዝ ተጽፎ ቀሪው በእጅ የሚሰጥበት አሠራርም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

መሬት ግን እንዲህ አያደርግም። ግብር ስለተጣለበት አንድ ካሬ ሜትር አይቀንስም። ሸሽቶ ናዝሬት አይገባም። በእጅ በእጅ አይደበቅም።

ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ቦታዎችን ውሰዱ። እያንዳንዳቸው 500 ካሬ ናቸው። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው፤ የእያንዳንዱ ቦታ ኪራይ ብቻውን በዓመት 200,000 ብር ይሁን። አንደኛው ላይ ጂ ፕላስ ሦስት ተሠርቷል፤ ታች ሱቅ፣ ላይ ቢሮና መኖሪያ። ሁለተኛው በቆርቆሮ ታጥሮ ሣር በቅሎበታል። ባለቤቱ "ይወደድ ይሆናል" ብሎ እየጠበቀ ነው።

በለመድነው የጣራና ግድግዳ ግብር ብዙ የሚከፍለው የሠራው ነው። ያጠረው ጣራም ግድግዳም ስለሌለው ለቦታው ትንሽ ነገር ከፍሎ ይቀመጣል። አንድ ፎቅ የጨመረ ሰው ግብር ይጨመርበታል ማለት ነው። እስቲ ይህ ምን ይሉታል?

አሁን የቦታውን ዓመታዊ ኪራይ 20 በመቶ እናስከፍል። ሁለቱም 40,000 ብር ይከፍላሉ። የሠራው ሌላ ፎቅ ቢጨምርም 40,000 ነው። ያጠረውም 40,000 ነው፤ ልዩነቱ ገቢ ከሌለው ቦታ ከኪሱ ማውጣቱ ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ከከፈለ በኋላ ወይ ይሠራበታል፣ ወይ ለሚሠራ ይለቃል። ማንም አላስገደደውም።

ተቃዋሚዎቻችን "አከራዩ ግብሩን ተከራይ ላይ ይጭነዋል" ይላሉ። ደህና ጥያቄ ነው፤ ረጋ ብለን እንየው። ከመንገዱ ዳር ሱቅ የሚያከራይ ሰው በወር 15,000 የሚጠይቀው ለምንድነው? 16,000 ቢል የሚከራየው ስለማያገኝ ነው። ቢያገኝ ኖሮ ግብሩን ሳይጠብቅ ትናንት ይጨምር ነበር። የሕንፃ ግብር ሲሆን ሰው መሥራት ያቆማል፣ ቤት ያጥራል፣ ኪራይ ይወጣል። የቦታ ግብር ሲሆን ግን የቦታው ብዛት ያው ነው። እንዲያውም ታጥረው የነበሩ ቦታዎች ሱቅና ቤት ሲሆኑ ተከራዩ የሚያማርጠው ይበዛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አንደብቅም። በይሉኝታ ወይም በቸልታ ኪራይ ሳይጨምሩ የቆዩ አከራዮች አሉ። እነሱ ግብሩን ምክንያት አድርገው ሊጨምሩ ይችላሉ። ገበያው በሚፈቅደው ልክ እያስከፈለ ላለው አከራይ ግን የሚጨምርበት ቦታ የለውም።

ለሸዋ ሰው ይህ ልዩነት አዲስ አይደለም። አያቶቻችን አስራት ያውቁ ነበር፤ ከምርቱ ከአሥር አንድ። ደጋግሞ ያረሰ፣ አርሞ የኮተኮተ፣ የበለጠ ያወጣል። በሌላ በኩል መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ተብሎ ተመድቦ በጋሻ የሚከፈል ግብር ነበር። ያኛው የተደለደለበት መንገድ በደል ነበረበት፤ አንክድም። ግን አንድ ባሕርይ ነበረው፦ ጎበዝ ገበሬ ስለጎበዘ አይጨመርበትም። የደመወዝ ግብር የአስራት ዘመድ ነው። እኛ የምንለው የሁለተኛው ነው።

ዳኞች፣ የምንጠይቀው ተጨማሪ ግብር አይደለም። ከታጠረው ቦታ የተገኘው 40,000 ብር የሠራተኛዋን የሥራ ግብር ይቀንስ ነው የምንለው። የክልልና የግል ድርጅት ሠራተኞችን የሥራ ግብርም ሆነ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 የሰጠው ለክልል ነው። ሁለቱ ገንዘቦች የሚገቡት አንድ ኪስ ስለሆነ መለዋወጡ ሕልም አይደለም።

ንግግሩ እዚህ ያበቃል። ለመምህራን ግን ጥቂት ልጨምር፤ ተማሪዎቻችን በመልስ ጊዜ የሚወድቁት የቦታ ግብር ደካማ ጎኑ የት እንዳለ ስለማያውቁ ነው።

ዋናው ደካማ ጎን ግምት ነው። ደመወዝ ወረቀት ላይ አለ፤ የቦታ ዋጋ ግን ሰው ይገምተዋል። ኢስቶኒያ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕንፃውን ትታ መሬቱን ብቻ ታስከፍላለች። ይሁን እንጂ በ2001 እ.ኤ.አ. የገመተችውን ዋጋ እስከ 2022 አላደሰችም። ሃያ ዓመት ሙሉ የተወደደው ሰፈርም የቀዘቀዘውም በድሮ ዋጋ ከፈሉ። ግምቱ መታመሙ የሚታወቀው እንዲህ ነው፦ ተሸጠው ወዲያው የፈረሱ ቤቶችን ሰብስቡ። የእነሱ ዋጋ የቦታ ዋጋ ነው ማለት ይቻላል። ከማዘጋጃ ቤቱ ግምት ጋር አስተያዩት። ዋናው መንገድ ላይ ግምቱ የገበያውን ሩብ ከሆነ፣ ዳር ሰፈር ደግሞ ሦስት አራተኛውን ከሆነ፣ ድሃው ለሀብታሙ እየከፈለ ነው። በእርግጥ ውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋ እውነተኛው እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ከውሉ ይልቅ የሊዝ ጨረታ ውጤትና ኪራይ ማመሳከሩ ይሻላል።

ሁለተኛው፣ መንገድ ዳር ነባር ይዞታ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ናቸው። ቦታቸው ውድ ነው፣ እጃቸው ላይ ግን ገንዘብ የለም። ተቃዋሚው እሳቸውን ማንሳቱ አይቀርም፤ አዳራሹም ከእሱ ጋር ይሆናል። ዴንማርክ ጡረተኞች የንብረት ግብራቸውን በብድር መልክ አቆይተው ቤቱ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ እንዲከፈል ትፈቅዳለች። እኛም ቤቱ ስም እስኪዞር ማቆየት እንችላለን። እኚያን እናት ከቤታቸው የሚያስወጣ ሕግ ማንም አይከላከልለትም፤ ተማሪውም አይሞክር።

ሦስተኛው ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚረሱት ነው። በሊዝ ጨረታ ያሸነፈ ሰው የቦታውን ዋጋ በየዓመቱ እየከፈለ ነው። ጎረቤቱ ነባር ይዞታ ይዞ የሚከፍለው የቦታ ኪራይ ግን ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ሁለቱ ላይ እኩል ግብር ከተጣለ ባለ ሊዙ ሁለቴ ከፈለ ማለት ነው። ስለዚህ የሊዝ ክፍያው ከግብሩ ላይ መቀነስ አለበት። ይህን ያልተናገረ ደጋፊ ቡድን በመጀመሪያው ጥያቄ ይረታል፤ የእኔዎቹም የተረቱት በዚህ ነበር፣ ዳኛው ባሉት አልነበረም።

ከአክብሮት ጋር፣
የኢኮኖሚክስ መምህር፣ ደብረ ብርሃን