የታክሲ ሹፌሩን እንዲህ ጻፈው

ይድረስ ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንዴት ነህ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ተጠፋፍተን መልእክትህ ሲደርሰኝ ደስ አለኝ። የላክልኝን ድራማ አነበብኩት። ሹፌርህ ቁርሱን በልቶ ሁለት ሰዓት ላይ ከቤት ይወጣል። ወንድሜ፣ በዚያ ሰዓት እኮ የጠዋቱ ሥራ እያለቀ ነው!

እኔ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል እነሳለሁ። ዘይትና ውሃ አያለሁ፣ ጎማውን በእግሬ መታ መታ አደርጋለሁ፣ ረዳቴን ከመንገድ አንስቼ አያት ተራ እገባለሁ። መስመሬ አያት መገናኛ ነው። ረዳቴ ከምንም በፊት የሚፈልገው ዝርዝር ብር ነው። ብሩን በቁመቱ አጥፎ በየጣቱ መሀል ይሰካዋል፤ አሥሩ ለብቻ፣ ሃምሳው ለብቻ። ሳያይ መልስ ይሰጣል። ያንተ ሹፌር ግን እየነዳ ሂሳብ ይቀበላል። ይህን አስተካክል።

ዋናው ነገር ገቢ ነው። መኪናው የእኔ አይደለም። ሰው ጫንኩም አልጫንኩም፣ ማታ ለባለቤቱ 1,200 ብር አስገባለሁ። ነዳጅ፣ ተራ አስከባሪና የረዳቴ ድርሻ በዚያ ላይ ይጨመራል። ለእኔ የሚተርፈው የመጨረሻው ነው። ጠዋት ሕዝቡ ወደ ከተማ ነው፤ ከአያት ጢም ብዬ እወርዳለሁ፣ ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነው። ማታ ደግሞ ይገለበጣል። ነዳጁ ግን ደርሶ መልስ ነው የሚሄደው። አንዳንዱ ሹፌር ማታ ከመገናኛ "ሲኤምሲ ብቻ!" ብሎ ጭኖ፣ እዚያ አራግፎ፣ "አያት!" እያለ እንደገና የሚጭነው ለዚህ ነው። ተሳፋሪው ሁለቴ ይከፍላል። ነውር ነው፣ እኔም አልወደውም። ግን ሹፌርህ ይህን ሲያደርግ ገቢው ምን ያህል እንደጎደለ ተመልካቹ ይወቅ።

ቀትር ላይ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ነዳጅ ወረፋ እንይዛለን። ነዳጅ የሚከፈለው በቴሌብር ነው፣ እኛ ግን የያዝነው ጥሬ ብር ነው። ስለዚህ ረዳቴ መጀመሪያ ሱቅ ሄዶ ብሩን ስልኬ ላይ ያስገባል። አንድ ቀን ማደያው ጋ ደርሼ ኔትወርክ ጠፋ። ቀጂው ቱቦውን ይዞ ይጠብቃል፣ ከኋላ ጥሩንባ ይጮሃል፣ እኔ ስልኬን ወደ ሰማይ አንስቼ እዞራለሁ። በመጨረሻ "ገለል በል" ተባልኩና ሦስት መኪና አሳለፍኩ። ይህን ብታስገባው ሰው ይስቃል።

ከ11 ሰዓት ጀምሮ ማታው ነው። ከጋቢናው ጀርባ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ የሚቀመጥ ትርፍ አለ። ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ረዳቱ "ዝቅ በል" ይለዋል፤ ቅጣቱ ግን የሚመጣው በእኔ መንጃ ፈቃድ ነው። ዝናብ ከጣለ ሰልፉ ይፈርሳል። ሁሉም በር ላይ ይንጠለጠላል፣ ረዳቴም በሩን ለመዝጋት ይታገላል። ከዚያ "ሳበው!"

ቀሪውን ጽፈህ ላክልኝ። መጠየቅ ከፈለግህ ቀን 7 ሰዓት አካባቢ ደውል፤ ያኔ ወረፋ ላይ ነኝ።

ወንድምህ