የሚኒ ሚዲያ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሠላሳ ሰከንድ ውስጥ የገባው ማስታወቂያ

ክበባችን የሰልፍ ዜናውንና የዕረፍት ሰዓት ፕሮግራሙን ዓመቱን ሙሉ አቅርቧል፤ ሳምንታዊ ስብሰባውም አልተቋረጠም። ሥራው ማይክ ይዞ መጮህ ብቻ ለሚመስላቸው ግን ላገለገሉ መጻሕፍት ሽያጭ የተዘጋጀውን የ30 ሰከንድ የሬዲዮ ማስታወቂያ ላሳይ።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ሲነበብ 49 ሰከንድ ፈጀ። አባላቱ ፈጠን ብለው ሲያነቡትም 38 ላይ ቆመ፤ በዚያ ላይ ስልክ ቁጥሩ ተጨፈላለቀ። ማጠር ያለበት ጽሑፉ ነው ብለን ወደ ስሌት ገባን። ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ አንድ ቃል ይመስላል፤ በአፍ ግን አሥር አሃዝ ነው፣ ረጋ ተብሎ ሲነበብ 5 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። አድማጩ በመጀመሪያው ንባብ እስክሪብቶ ይፈልጋል፣ በሁለተኛው ይጽፋል፤ ስለዚህ ሁለቴ መነገሩ ግድ ነው። በ10 ሰከንዱ ላይ የመክፈቻው ሙዚቃ 2 ሲጨመር፣ ለመልእክቱ 18 ሰከንድ፣ ማለትም 35 ቃል ገደማ ብቻ ይቀራል።

«ውድ አድማጮቻችን እንደምን ዋላችሁ» እና «ጥራታቸውን የጠበቁና ተመራጭ የሆኑ» ያለ ክርክር ወጡ። ሁለተኛው ስልክና ኢሜይሉም ቀሩ፤ ሁለት አድራሻ የሰማ አንዱንም አይይዝም። ያከራከረው የትምህርት ዓይነቶቹ ዝርዝር ነበር። ከሒሳብ እስከ ታሪክ ስምንቱም ተጽፈው ነበርና ማንም አንዱን ማውጣት አልፈለገም። በስብሰባ ብዙም የማትናገር አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «የሒሳብ መጽሐፍ የፈለገ ደውሎ ይጠይቃል፤ ስልኩ ለምን ተቀመጠ ታዲያ?» ብላ ስምንቱንም በአንድ መስመር ሰረዘቻቸው። በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን ኩራት አልደብቅም።

በመጨረሻ ማስታወቂያው «ሁለት መጽሐፍ ሲገዙ ሦስተኛው በነፃ!» ብሎ ተከፈተ። ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው በአንድ ዓረፍተ ነገር ተከተሉ፤ ያው ቅናሽ እንደገና ተነገረና በስልክ ቁጥሩ ተዘጋ። ከቁጥሩ በኋላ «እናመሰግናለን» እንኳ የለም፤ ጆሮ ላይ የሚቀረው መጨረሻ የተሰማው ነውና። ንባቡ ከመክፈቻው ሙዚቃ ጋር 28 ሰከንድ ሆኖ ለትንፋሽ 2 ተረፈ።

ሆኖም ጽሑፉን ላላዩ ተማሪዎች አሰምተን ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስንጠይቃቸው፣ ቅናሹንና ቀኑን ሲያስታውሱ ቁጥሩን በትክክል የጻፈ አልነበረም። አንባቢው መጀመሪያ «ሁለት ሦስት» ያለውን ሲደግም «ሃያ ሦስት» ብሎት ኖሮ፣ አድማጮች ሌላ ቁጥር መስሏቸዋል። ከሥር የነበረው ሙዚቃም «ስድስት»ን ውጦታል። ሙዚቃው ቁጥሩ ሊጀምር ሲል እንዲቆም፣ ንባቡም ሁለቱንም ጊዜ አሃዝ በአሃዝ፣ ሁለት ሁለት እየሆነ በአጭር ዕረፍት እንዲከፈል ተደረገ። በሁለተኛው ሙከራ አብዛኞቹ በትክክል ጻፉት።

ይህ ሁሉ የተሠራው ገመዱ በፕላስተር በተጠገነ አንድ ማይክና በተውሶ ስልክ፣ በሚያስተጋባ ባዶ ክፍል ውስጥ ነው። ለክበቡ በጀት ሲጠየቅ «ድምፅ ማጉያ አላችሁ አይደል?» የሚል መልስ ከእንግዲህ ባይሰጠን ደስ ይለናል። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ለመጪው ዓመት አንድ መቅረጫ፣ አንድ ተጨማሪ ማይክና የመቅረጫ ክፍሉን ማስተጋባት የሚቀንስ ወፍራም መጋረጃ እንዲያሟላልን እንጠይቃለን።