ሁለት ሳምንት ያለፈው የአፍ ቁስል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ ጫትን በሲጋራ የሚያጅብ ብዙ ነው። ቃሚ ቅጠሉን የሚያከማቸው ብዙውን ጊዜ በአንድ ጉንጩ ስለሆነ፣ እዚያው ላይ ነጭ ልጥፍ ሊወጣ ይችላል። ጫት ብቻውን የአፍ ካንሰር ስለማምጣቱ ማስረጃው ገና አልጠራም። የትንባሆው ግን አያከራክርም፤ መጠጥ ሲታከልበት ደግሞ አደጋው ከሁለቱ ድምር ይበልጣል።

በወር አንዴ፣ በደህና ብርሃን መስታወት ፊት ቆሞ አፍን መመርመር ነው። ጉንጭን በጣት ገለጥ አድርጎ እስከ መጨረሻው መንጋጋ ማየት፤ ከዚያ የምላስን ጫፍ በንጹህ ጎዝ ይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መሳብ። ሰው የሚዘነጋው የምላስን ጠርዝ፣ በተለይ ወደ ኋላ ያለውን፣ እንዲሁም ከምላስ ሥር ያለውን ነው። ካንሰሩ ግን አዘውትሮ የሚነሳው ከነዚሁ ነው።

ግራ ጉንጭ ላይ ጥፍር የሚያህል ነጭ ነገር ታየ እንበል። በጎዝ ሲጠረግ ከለቀቀ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ካልለቀቀ የጥርስ ሐኪም ይየው፤ ቅላት ከተቀላቀለበት ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል። ሹል ጥርስ እየፋቀ ያመጣው ቁስል ጥርሱ ከተሞረደ በኋላ በ2 ሳምንት ውስጥ መዳን አለበት። ካልዳነ ናሙና ተወስዶ ይመርመር እንጂ በመጉመጥመጫ አይታለፍ።

እባካችሁ «አያመኝም» ብላችሁ አትተዉት። ይህ ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም፤ ምላስ ሲተሳሰርና አንገት ላይ እብጠት ሲወጣ በሽታው ርቆ ሄዷል።