በሱቅ የጨመረች ጥቂት ሽያጭ ፋብሪካ ስትደርስ ለምን ትገዝፋለች? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

በድሬዳዋ፣ በሐረርና በአካባቢው ለምትገኙ የጅምላና የችርቻሮ ነጋዴ ደንበኞቻችን በሙሉ

ጉዳዩ፦ የትእዛዝ መዋዠቅን ምክንያት ስለማብራራትና አዲሱን የትእዛዝ አቀባበል ስለማሳወቅ

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

የልብስ ሳሙና በአንድ ወቅት ከገበያ ጠፍቶ ቆይቶ፣ ብዙም ሳይቆይ የሁሉም ሰው መጋዘን ሞልቶ ዋጋው የሚወርድበት ምክንያት ምን እንደሆነ ከእናንተ መካከል በርካቶች በቃልም በስልክም ጠይቃችሁናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የከተማው ሰው ልብሱን የሚያጥበው በየሳምንቱ ነውና በዚህ ወር እጥፍ፣ በሚቀጥለው ወር ግማሽ ሳሙና የሚፈልግበት ምክንያት የለም። መልሱን በዝርዝር ለመጻፍ የወሰንነው፣ ከመጪው ወር ጀምሮ በትእዛዝ አቀባበላችን ላይ የምናደርጋቸው ለውጦች ምክንያታቸው ሳይታወቅ ቢቀሩ እንደ ቁጥጥር ሊቆጠሩ ስለሚችሉ ነው።

ነገሩ በሙያው ዘንድ የጅራፍ ውጤት በመባል ይታወቃል። እጀታውን የያዘ እጅ በጥቂቱ ሲነቃነቅ የጅራፉ ጫፍ ርቆ እንደሚወነጨፍ ሁሉ፣ በሸማቹ ዘንድ የታየች ትንሽ ለውጥ ከቸርቻሪ ወደ ጅምላ ነጋዴ፣ ከጅምላ ነጋዴ ወደ አከፋፋይ፣ ከአከፋፋይም ወደ ፋብሪካ በተላለፈች ቁጥር እየሰፋች ትሄዳለች። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተምሩ የነበሩት ጄይ ፎረስተር እ.ኤ.አ. በ1961 ይህን ባሕርይ በስሌት አሳይተዋል። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ሲጠቀስ የኖረው ምሳሌ የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የሕፃናት ዳይፐር ነው፤ ሕፃናት ዳይፐር የሚጠቀሙት በየቀኑ በተቀራራቢ መጠን ሆኖ ሳለ፣ ከአከፋፋዮች ወደ ድርጅቱ የሚመጣው ትእዛዝ ክፉኛ ይዋዥቅ ነበር፤ ድርጅቱ ራሱ ለጥሬ ዕቃ አቅራቢዎቹ የሚልከው ትእዛዝ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነበር።

እንዴት እንደሚሆን በአንድ ምሳሌ እናሳያችሁ። በአንድ ሰፈር ያሉ ሱቆች በጠቅላላው በሳምንት 100 ካርቶን ሳሙና ይሸጣሉ እንበል። ቸርቻሪውም ጅምላ ነጋዴውም አከፋፋዩም አንድ ዓይነት፣ በራሱ ሲታይ ምክንያታዊ የሆነ ደንብ አላቸው፤ ይኸውም በየሳምንቱ መጨረሻ በእጃቸው ያለው ክምችት ካለፈው ሳምንት ሽያጫቸው ሁለት እጥፍ እንዲሆን አድርገው ያዝዛሉ። ሽያጩ 100 ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ ሁሉም 200 ካርቶን ይይዛሉ፣ ሁሉም 100 ያዝዛሉ፤ ሰላም ነው።

አሁን ሽያጩ ወደ 110 ከፍ አለና በዚያው ጸና። ሱቆቹ ከ200 ካርቶን 110 ሸጠው 90 ቀራቸው፤ የሚፈልጉት ክምችት 220 ስለሆነ 130 ያዝዛሉ። ጅምላ ነጋዴው የሸማቹን 110 አያይም፤ የሚያየው የሱቆቹን 130 ነው። ከ200 ካርቶኑ 70 ይቀረዋል፣ የ130 ሁለት እጥፍ 260 ነውና 190 ያዝዛል። አከፋፋዩ በበኩሉ 190 ሲጠየቅ ገበያው ወደ እጥፍ እንደተጠጋ አድርጎ ይወስዳል፤ 10 ካርቶን ብቻ ቀርቶት 380 መያዝ ስላለበት ለፋብሪካው የሚልከው ትእዛዝ 370 ይሆናል። የሸማቹ ጭማሪ ከመቶ አሥር ነበር፤ ፋብሪካው ግን ከሦስት እጥፍ በላይ የሆነ ትእዛዝ ደረሰው።

የባሰው የሚመጣው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሱቆቹ ክምችታቸውን ስላስተካከሉ ወደ 110 ይመለሳሉ። ጅምላ ነጋዴው ትእዛዙ ከ130 ወደ 110 ሲወርድ ገበያው የቀዘቀዘ መስሎት 70 ብቻ ያዝዛል። አከፋፋዩ 380 ካርቶን ይዞ 70 ብቻ ይሸጣል፤ በዚህ ደንብ ሊይዝ የሚገባው 140 ሲሆን በእጁ የቀረው 310 ነው፤ ስለዚህ ለፋብሪካው ምንም አያዝም። በሦስተኛው ሳምንት የሚያዘው 20 ካርቶን ብቻ ነው። ፋብሪካው 370፣ ቀጥሎ ዜሮ፣ ቀጥሎ 20 ሲመጣለት ተጨማሪ ፈረቃ አስገብቶ ወዲያው ሠራተኛ ያስቀምጣል፤ በእነዚህ ሳምንታት ሁሉ ግን ሸማቹ ሳይጨምር ሳይቀንስ 110 ሲገዛ ነበር። በዚህ ምሳሌ ውስጥ የደበቀ፣ ያታለለ ወይም የሰነፈ ሰው እንደሌለ ልብ በሉልን። እያንዳንዱ የሠራው በሚያየው ቁጥር ነው፤ የሚያየው ቁጥር ግን ከእሱ በፊት ያለው ሰው ያዘዘውን እንጂ ሸማቹ የገዛውን አይደለም።

መፍትሔውም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። በዚያው ምሳሌ ሁሉም ደንባቸውን ሳይለውጡ፣ የሚይዙትን ክምችት ከደረሳቸው ትእዛዝ ሳይሆን ሱቆቹ ለሸማች ከሸጡት 110 ተነስተው ቢያሰሉ፣ ሁሉም ሊይዙ የሚገባቸው 220 ይሆናል። ያኔ ትእዛዞቹ 130፣ 150፣ 170 ይሆናሉ፤ በሁለተኛው ሳምንትም ሁሉም 110 ላይ ይረጋሉ። በየደረጃው 20 ካርቶን እየተጨመረ መሄዱ አልቀረም፣ ምክንያቱም ሦስቱም ክምችታቸውን ማሳደግ አለባቸው፤ ነገር ግን መደመርና መባዛት የተለያዩ ናቸው። በዚህ ላይ የአንድ ሳምንት ሽያጭን ትተው የአራት ሳምንት አማካይን ቢጠቀሙ፣ አማካዩ 102.5 ስለሚሆን የመጀመሪያው ሳምንት ትእዛዞች 115፣ 120 እና 125 ብቻ ይሆናሉ። አማካዩ ጭማሪውን ቀስ እያለ ይከተለዋል እንጂ አይስተውም፤ እስከዚያው ያለውን ልዩነት በእጅ ያለው ክምችት ይሸፍነዋል።

ስለዚህ ከእናንተ በዋነኝነት የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ትእዛዛችሁን ስትልኩልን ካለፈው ትእዛዝ ወዲህ ስንት ካርቶን እንደሸጣችሁና ስንት እንደቀራችሁ አብራችሁ ጻፉልን። ለዚህ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ በደብተር የተጻፈውን በስልክ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መላክ ይበቃል። የጅምላ ደንበኞቻችንም ከሱቆቻቸው ይህንኑ እንዲጠይቁ እናሳስባለን፤ ለእኛ የሚጠቅመን ጅምላ ነጋዴው ለሱቅ ያስረከበው ሳይሆን ሱቁ ለሸማች የሸጠው ነውና። ቁጥሩ ለሌላ ደንበኛ አይተላለፍም፣ የብድር ጣሪያችሁን ለመወሰንም አንጠቀምበትም።

ሁለተኛው ጉዳይ የመጠበቂያ ጊዜ ነው። ዕቃ ዘግይቶ ሲመጣ ነጋዴው ብዙ መያዙ አይቀርም፤ የያዘው መጠን ባደገ ቁጥር ደግሞ ጅራፉ ይበረታል። ከላይ በሰጠነው ምሳሌ ሁሉም የሁለት ሳምንት ፋንታ የሦስት ሳምንት ክምችት የሚይዙ ቢሆን ኖሮ ፋብሪካው የሚደርሰው ትእዛዝ 370 ሳይሆን 740 ይሆን ነበር። ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚረሳ ነገር አለ፤ ይኸውም ታዝዞ ገና ያልደረሰ ዕቃ ነው። መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በባዶው ላይ ስለሆነ፣ በመንገድ ላይ ያለውን ጭነት ሳይቆጥር በድጋሚ ያዝዛል፤ ሁለቱም በአንድ ሳምንት ሲገቡ ማስቀመጫ ይጠፋል። ከአሁን በኋላ በእያንዳንዱ የትእዛዝ ማረጋገጫችን ላይ ያልደረሳችሁ ቀሪ ትእዛዝ ካለ በግልጽ እንጽፋለን።

የወር መጨረሻን በተመለከተም የምንለው አለን። በሳምንት 25 ካርቶን የሚሸጥ ደንበኛ በወር አንድ ጊዜ 100 ሲያዝ በእኛ መዝገብ የሚታየው 100፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ነው። ብዙዎች በአንድ ሳምንት ሲያዝዙ ደግሞ አንድም መኪና አይተርፈንም፤ በቀሪዎቹ ሳምንታት መኪናዎቹ ይቆማሉ። ደንበኞቻችን ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ እናውቃለን። የሐረር ደንበኛ የደንገጎን አቀበት ለወጣ አንድ አይሱዙ የሚከፍለው ኪራይ መኪናው ግማሽ ቢጫንም ያው ነው፤ በዚያ ላይ የወር መጨረሻ ቅናሽ አለ። ስለዚህ ቀኑን በሰፈር ከፋፍለነዋል፦ ቀፊራና መጋላ ሰኞ፣ ከዚራና ሳቢያን ረቡዕ፣ ሐረር ሐሙስ። የሐረር ደንበኞች ዕቃ በአንድ መኪና ተቀላቅሎ ስለሚጫን እያንዳንዳችሁ የምትከፍሉት የድርሻችሁን ብቻ ነው። የወር መጨረሻ ቅናሹ ይቀራል፤ በምትኩ በሦስት ወር ውስጥ በወሰዳችሁት ጠቅላላ መጠን ላይ ቅናሹ ይታሰባል። በወር መጨረሻ ቅናሽ የተገዛ ሳሙና ተጨማሪ ልብስ እንደማያሳጥብ፣ የሚቀጥለውን ወር ሽያጭ ቀድሞ እንደሚወስድ ብቻ መዝገባችን በሚገባ ያሳያል።

እጥረት ሲፈጠር የሚሆነው ግን ከሁሉም የሚያስቸግረው ነው። ዕቃው በትእዛዝ መጠን እየተሰላ ግማሽ ግማሹ እንደሚታደል የተረዳ ነጋዴ፣ 20 የሚያስፈልገው ቢሆን 40 ያዝዛል። ጎረቤቱም እንደዚያው ያደርጋል። ፋብሪካው የተጋነነውን ትእዛዝ እውነተኛ ፍላጎት ብሎ ያመርታል፤ ምርቱ ሲደርስ ትእዛዙ ይሰረዛል፣ ቀጥሎም ስለ ዋጋ መውረድ አቤቱታ ይመጣል። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ይሁን እንጂ ትእዛዝን ማጋነን የሚጠቅመው ድልድሉ በትእዛዝ መጠን እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ እጥረት ባለበት ሳምንት የምናከፋፍለው ደንበኛው ባለፉት ስምንት ሳምንታት በሸጠው መጠን ይሆናል፤ 40 ያዘዘም 20 ያዘዘም ሽያጫቸው እኩል ከሆነ እኩል ይደርሳቸዋል። አዲስ ለሚከፈቱ ሱቆች ይህ ደንብ እንደማይመች እንገነዘባለን፤ ስለሆነም ለእነሱ ከጭነቱ ጥቂት ለይተን እናስቀምጣለን።

ይህ ሁሉ የማይሠራበት ጊዜም አለ። ለረመዳን፣ ለዓረፋ፣ ለፋሲካ፣ እንዲሁም ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ተጓዦች በሚያልፉበት ሰሞን የሚጨምረው ሽያጭ እውነተኛ ነው፤ የአራት ሳምንት አማካይ ግን ቀድሞ አያየውም፣ ካለፈ በኋላም ለሳምንታት ከፍ አድርጎ ያሳየናል። እንዲህ ላለው ጊዜ የሚያስፈልጋችሁን ከሦስት ሳምንት በፊት «ለበዓል» ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉልን፤ ከመደበኛው ሽያጫችሁ ጋር ሳንቀላቅል እንይዘዋለን።

መዋዠቁ ከሸማቹ ይሁን ከእናንተ ትእዛዝ ለማወቅ የምትሹ ደንበኞች፣ በደብተራችሁ ላይ ያለፉትን ስምንት ሳምንታት ሽያጭ በአንድ ረድፍ፣ ትእዛዛችሁን ከጎኑ በሌላ ረድፍ ጻፉና በእያንዳንዱ ረድፍ ትልቁንና ትንሹን ቁጥር አነጻጽሩ። የሽያጩ ረድፍ ከ22 እስከ 28 ሆኖ የትእዛዙ ከዜሮ እስከ 100 ከሆነ፣ ሸማቹ አልተለወጠም ማለት ነው። ደብተሩን ይዞ ወደ ቢሯችን ለሚመጣ ደንበኛ የሽያጭ ሠራተኞቻችን አብረውት ተቀምጠው የሚመቸውን ሳምንታዊ መጠን ያሰሉለታል።

አዲሱ አሠራር ከመጪው ወር የመጀመሪያ ሰኞ ጀምሮ ተግባራዊ ይሆናል። ከዚያ በፊት የተሰጡ ትእዛዞች በነበረው ውል መሠረት ይፈጸማሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የሽያጭና ስርጭት ክፍል
ድሬዳዋ