ሐምሌና ነሐሴም ደመወዝ አለ፤ ለትምህርት ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ሦስት ጊዜ በደብዳቤ፣ ስንት ጊዜ ደግሞ በእግሬ እንደመጣሁ ጸሐፊዎ ያውቃሉ። «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለውን መልስ በቃሌ ይዤዋለሁ። እንግዲህ ሰው ሁሉ እየሰማ ልናገር።

እዚሁ ሰሜን ሸዋ አንዲት ትንሽ የግል ትምህርት ቤት አስተዳድራለሁ። አምና ግንቦት ላይ ወላጆችን ሰብስበን በጀቱን አንድ በአንድ አነበብንላቸው። ተከራከሩን። 200 ብር ብለን የጀመርነውን አስቀንሰው በተማሪ በወር 130 ብር ጭማሪ ተስማሙ። ቃለ ጉባኤው ተፈርሞ በሳምንቱ እርስዎ ቢሮ ገባ። መልሱ የመጣው ነሐሴ መጨረሻ፣ ምዝገባ ካለቀ በኋላ ነው። «በነበረው ክፍያ ይቀጥሉ።» ምክንያት የለውም። ማኅተሙ ግን ያምራል።

ሒሳቡን ያውቁታል፤ ለሌላው አንባቢ ልድገመው። የሚከፍሉልን ተማሪዎች 220 ናቸው። በወር 900 ብር ለ10 ወር ሲሰላ 1,980,000 ብር ይሆናል። 10 ወር ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ወላጅ አይከፍልም፤ መምህሩ ግን ያኔም ቤት ይከራያል፣ ጤፍ ይገዛል። ስለዚህ ደመወዙ የ12 ወር ነው። አሠሪው ከሚከፍለው 11 በመቶ ጡረታ ጋር የሠራተኛው ሁሉ ወጪ 1,718,280 ብር ይመጣል። ለመጽሐፍ፣ ለጠመኔ፣ ለመብራትና ለጥገና የሚቀረው 261,720 ብር ነው። ያውም ወላጅ ሁሉ ሳያጓድል ከከፈለ።

ጭማሪው በዓመት 286,000 ብር ያስገባ ነበር። ከዚህ ውስጥ 279,720 ብሩ ለ14 መምህራን በወር 1,500 ብር፣ ከነጡረታው ነው። 6,280 ብር ይተርፈኛል። ባለሙያዎ «ነጋዴ» ያለኝ በዚች ነው።

ጥቅምት ላይ የሒሳብ መምህራችን የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ለቀቀ። አልፈረድኩበትም። ሌሎቹ እንዳይከተሉት ለጣሪያ የያዝነውን 90,000 ብር ድጎማ አድርገን አከፋፈልን። ጣሪያ መልቀቂያ አያስገባም፤ ሁሌም ለከርሞ የሚተላለፈው ለዚህ ነው።

ኅዳር ላይ የእርስዎ የኢንስፔክሽን ቡድን መጣና ሁለት ጉድለት ጻፈ። የሒሳብ መምህር የለም። የሦስተኛ ክፍል ጣሪያ ያፈሳል። ካልተስተካከለ ፈቃዱ አይታደስም። ማፍሰሱን እኔም አውቃለሁ፤ በክረምት ባልዲ የምደቅነው እኔ ነኝ። ጭማሪውን የከለከለውና ጉድለቱን የጻፈው ግን አንድ ቢሮ መሆኑን ቡድኑ የሚያውቅ አይመስልም።

ዘንድሮም ወላጆችን ሰብስበናል። ለቃለ ጉባኤው ምዝገባ ሳይጀመር በጽሑፍ ይመልሱልኝ። አይሆንም ካሉ በጀቱ ላይ የትኛውን መስመር እንደምሰርዝ በቀይ ያስምሩልኝ። መዝገብ ቤታችሁ ሁለት ጊዜ ስለጠፋበት ሦስተኛውን ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።