የሒሳብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ዜሮ የቀየረው ድምር

የደሴው ብርድ ቢያስቸግረንም ክበባችን ዘንድሮ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መሰብሰቡን አላቋረጠም። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት የፈተና ጥያቄዎችን ሠራን፤ ስለዚያ ብዙ የምለው የለኝም። ሁለተኛውን መንፈቅ ግን አንድ ማለቂያ የሌለው ድምር ወሰደብን፦ 1 − 1 + 1 − 1 + …

ሁለት ሁለቱን ብናጣምር 0 ይሆናል። የመጀመሪያውን 1 ለብቻው ትተን የቀረውን ብናጣምር ደግሞ 1። ጣሊያናዊው መነኩሴ ጊዶ ግራንዲ በ1703 እ.ኤ.አ. ይህን ድምር አንስቶ መልሱ ግማሽ ነው ብሎ ነበር። ምሳሌውም ሁለት ወንድማማቾች የወረሱት ዕንቁ ነው፤ መሸጥ ስለማይችሉ በየዓመቱ እየተቀባበሉ ያስቀምጡታል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ይደርሳቸዋል። ኦፓል ከሚወጣበት ከደላንታ የመጣ ተማሪያችን «እንግዲያውስ ኦፓል ይሁን» አለና ዓመቱን ሙሉ ኦፓል ሆኖ ቀረ።

ነገሩን ሥርዓት ያስያዘው በ1890 እ.ኤ.አ. ኤርኔስቶ ቼዛሮ ነው። በየደረጃው ያሉትን ከፊል ድምሮች እንጽፋለን፦ 1, 0, 1, 0, … ቀጥሎ በየደረጃው እስከዚያ ድረስ ያሉትን አማካይ እንወስዳለን፦ 1, 1/2, 2/3, 1/2, 3/5, … በ101ኛው ላይ 51/101 ደርሰናል፤ ከግማሽ የሚበልጠው በ1/202 ብቻ ነው።

አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ በየመካከሉ ዜሮ ብንጨምርስ ብላ ጠየቀች፦ 1 + 0 − 1 + 1 + 0 − 1 + … እኔም ሳላስብ «ዜሮ ምን ያመጣል? ያው ግማሽ ነው» አልኩ። ተሳስቼ ነበር። ከፊል ድምሮቹ 1, 1, 0, 1, 1, 0 ናቸው፤ ከ3 በኋላ አማካዩ 2/3፣ ከ30 በኋላም 20/30፣ ያው 2/3። ሰሌዳው ላይ ቆሜ ምክንያቱ ጠፋኝ። ያወጣን ኦፓሉ ነው፦ ዜሮ ማለት ኦፓሉ እጅ ያልቀየረበት ዓመት ነው፤ ታላቅየው ሁለት ዓመት ይዞት ታናሽየው አንድ ዓመት ብቻ ያገኘዋል። ድምሩ ወደ አንድ ቁጥር የሚጠጋ ቢሆን ኖሮ ከፊል ድምሮቹ ሁሉ ወደዚያው ስለሚሄዱ ዜሮው ባልጎዳው ነበር። እዚህ ግን አንዱም አይረጋም፤ ስለዚህ በየቁጥሩ ላይ የሚቆይበት ጊዜ መልሱን ይወስናል።

ከዚያ 1 − 2 + 3 − 4 + … ሞከርን። ከፊል ድምሮቹ 1, −1, 2, −2, …፤ አማካዮቹ 1, 0, 2/3, 0, 3/5, 0, … ጎዶሎ ቦታ ያሉት ወደ ግማሽ ይጠጋሉ፣ ሙሉዎቹ ዜሮ ላይ ይቀራሉ፤ መልስ የለም። የአማካዮቹን አማካይ ስንወስድ ግን ወደ 1/4 ሄደ፤ ኦይለር በሌላ መንገድ የደረሰበት ቁጥር ነው።

በዚህ የተደፋፈሩት ልጆች 1 + 1 + 1 + … አመጡ። በ100ኛው ላይ አማካዩ 50.5፣ የአማካዮቹ አማካይ 25.75። በ200ኛው 100.5 እና 50.75። አማካዩን ደጋግመን ብንወስድም ማደጉን ቀነሰ እንጂ አልቆመም፤ መቀነስ የሌለበት ድምር አንዴ ካመለጠ በአማካይ አይያዝም።