ንጹሕ ሲም ይዘው «ሲም የለም» ስለሚባሉ ሰዎች፦ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን

ከደሴ

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደሴ ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ስትቋቋሙ ከተሰጧችሁ ሥራዎች አንዱ የደንበኛን መብት ማስጠበቅ ስለሆነ ነው። የምጠይቃችሁ ነገር ትንሽ ነው። በአገልግሎት ማዕከል መስኮት ላይ ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ግን ለምን እንደምጠይቅ እንዲገባችሁ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

አንዲት እናት ሰኞ ገበያ በርበሬና ቅመም ይሸጣሉ። ልጃቸው ዓረብ አገር ናት። ብር ስትልክ መልእክቱ የሚመጣው በስልካቸው ነው። አንድ ቀን ስልኩ No SIM card አላቸው። ሲሙን አውጥተው አዩት። ወርቃማው ፊቱ ያብለጨልጫል፣ ጭረት የለው፣ ቆሻሻ የለው። በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው መለሱት። ያው ነው።

ወደ አንድ የአገልግሎት ማዕከል ሄዱ። ተሰልፈው፣ መታወቂያ አሳይተው ምትክ ሲም አወጡ። አልሠራም። በሳምንቱ ተመልሰው ሌላ ምትክ ተሰጣቸው። እሱም አልሠራም። አሁን «ስልክዎ ነው» ተባሉ። ስልኩን ወደ አንድ ሞባይል ቤት ወሰዱት፤ እዚያ ደግሞ «ሲምዎ ነው» ተባሉ። እኔ ጋ ሲደርሱ በጣም ደክሟቸው ነበር። «አብሽሩ እናቴ፣ እስቲ አረፍ በሉ» አልኳቸው።

ስልክ ሲምን እንዴት እንደሚያውቅ እዚህ ላይ ልግለጽ። ስልክ ዓይን የለውም። ሲሙ ሲገባ መጀመሪያ 1.8 ቮልት ኃይል ይሰጠዋል። ቀጥሎ «ተነስ» የሚል ምልክት ይልክለታል። ጤነኛ ሲም ከዚያ በኋላ በቅጽበት ራሱን የሚያስተዋውቅ አጭር መልስ ይመልሳል። መልስ ካልመጣ ስልኩ በ3 ቮልት ይሞክራል። አሁንም ዝም ካለ No SIM card ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ጽሑፉ «ሲም የለህም» ማለት አይደለም። «ጠርቼ መልስ አላገኘሁም» ማለት ነው።

ይህ ጥሪና መልስ እንዲያልፍ በሲሙ ፊት ላይ ካሉት ወርቃማ ክፍሎች አምስቱ የስልኩን ፒኖች መንካት አለባቸው። አንዱ ኃይል ነው፣ አንዱ መመለሻው፣ አንዱ መቀስቀሻው፣ አንዱ የጊዜ ምት፣ አንዱ ደግሞ መረጃው የሚሄድበትና የሚመጣበት ነው። ከአምስቱ አንዱ ሳይነካ ከቀረ ሁሉም ዝም ይላል። ግማሽ ሲም የሚባል ነገር የለም።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል፤ የመስኮት ሠራተኞች ቢያውቁት ደስ ይለኛል። መስመሩ ሲዘጋ ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ ሲሙ ለስልኩ መመለሱን አይተውም። ያኔ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው No service ወይም Emergency calls only ነው። No SIM card ግን በአብዛኛው በካርዱና በቀፎው መካከል ያለ ጉዳይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስክሪኑ ላይ ምን ይላል?» የሚለው ነው።

ወደ እናቲቱ ልመለስ። ሲማቸውን አውጥቼ በእኔ ስልክ ከተትኩት። ወዲያው ኔትወርክ ያዘ። የእኔን ሲም በእሳቸው ስልክ ከተትኩት። የለም አለ። ሥራው እዚህ ላይ ግማሹ አለቀ፤ ካርዱ ደህና ነው፣ ችግሩ ቀፎው ውስጥ ነው። ማንም ሰው ከጎረቤቱ ስልክ ተውሶ ይህን መሞከር ይችላል።

ቀጥሎ *#06# ደወልኩ። የስልኩ መለያ የሆኑት ሁለቱም የአይ ኤም ኢ አይ ቁጥሮች መጡ። ቁጥሩ ባይመጣ ኖሮ ጥርጣሬዬ ስልኩን ከኔትወርክ ወደሚያገናኘው ክፍል፣ ወደ ሞደሙ፣ ይሄድ ነበር። ያ ከባድ ነው፤ ውሃ በገባበት ወይም ክፉኛ በወደቀ ስልክ አየዋለሁ፣ ዋጋውም ይጎዳል። ስልካቸው ሁለት ሲም ስለሚይዝ ካርዱን ወደ ሁለተኛው ቦታ አዛወርኩት። ታየ! ስለዚህ የታመመው የመጀመሪያው ቦታ ብቻ ነው።

በማጉያ መነጽር ወደ ውስጥ ሳይ ነገሩ ገባኝ። ፒኖቹ ትንንሽ የብረት ምላሶች ናቸው። እንደ ስፕሪንግ ወደ ላይ ቀና ብለው ካርዱን ይገፋሉ። ከእነሱ አንዱ ተኝቷል። አልተሰበረም፣ አልዛገም፤ ጉልበቱን ጨርሶ ነው የተኛው።

«ድሮ ምን ዓይነት ሲም ነበርዎት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የዱሮው ትልቅ ነበር ልጄ። ይህን ስልክ ስገዛ ቆርጠው ነው ያስገቡልኝ» አሉኝ። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አሮጌውን ሲም ሰጡኝ። አልጣሉትም ነበር።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ነው። ትልቁና ማይክሮ የሚባለው ሲም ውፍረታቸው 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። ናኖ ተብሎ የሚሠራው ትንሹ ሲም ግን 0.67 ነው። መቁረጫ የካርዱን ጎንና ቁመት ያሳንሳል እንጂ ውፍረቱን አይቀንስም። ልዩነቱ 0.09 ሚሊ ሜትር ነው፣ አንድ ቅጠል ወረቀት ያህል። ለዓይን ምንም አይደለም። ለእነዚያ ምላሶች ግን ዓመት ሙሉ ከልክ በላይ መጫን ማለት ነው። ቀስ በቀስ ተኙ። ወፍራሙ ካርድ እዚያው እስካለ ድረስ ይነካቸዋል፤ መጨረሻ ላይ እሱም አንዳንዴ መሳት ጀመረ። ቀጭኑ አዲስ ናኖ ሲገባ ግን ምላሱ ጋ ጭራሽ አይደርስም። አዲሱና ንጹሑ ካርድ አሮጌው በሚሠራበት ስልክ ውስጥ የማይሠራው ለዚህ ነው።

አሮጌውን ካርድ በዚያው በታመመው ቦታ ሞከርኩት። ስልኩ ሲሙን አወቀው። በጣቴ ስልኩን ቸብ ሳደርገው ጠፋ፣ ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። እናቲቱም በባጃጅ በኮብልስቶን ላይ ሲሄዱ፣ ወይም ሐረጎን ወርደው ወደ ኮምቦልቻ በሚሄዱበት ቀን ሲሙ እንደሚጠፋ ነገሩኝ። በእንቅስቃሴ መጥቶ የሚሄድ ችግር የመነካካት ችግር ነው።

ሌላም ማረጋገጫ አለ። በአዲሱ ናኖ ጀርባ፣ ወርቅ በሌለበት በኩል፣ አንድ ቁራጭ ስስ ፕላስተር ለጠፍኩ። ካርዱ በትንሹ ወፈረና ስልኩ አነበበው። ይህ ግን መመርመሪያ እንጂ ጥገና አይደለም። ሰው ቤቱ ሁለት ሦስት እጥፍ ለጥፎ በግድ ሲገፋ ካርዱ ውስጥ ይቀረቀራል፤ ሲጎትተው ምላሶቹን ነቅሎ ይወጣል። ያኔ የሲም ማንበቢያው በሙሉ ይቀየራል። እኔ ስልኩን አጥፍቼ ምላሱን በመርፌ ጫፍ ቀና አደረግኩት። ብረቱ ደክሞ ስለነበር ግን አላመንኩትም፤ ካርዱን በሁለተኛው ቦታ ትቼላቸዋለሁ። ማንበቢያው ከመጣ እቀይረዋለሁ።

ለፍትሕ ሲባል የሌላውንም ወገን ልናገር። ካርዱ ራሱ የሚሞትበት ጊዜም አለ፣ ፊቱ እያበራ። ወርቃማው ክፍል ሽፋን ነው። ቺፑ ከሥሩ ነው ያለው፣ ከሽፋኑ ጋር የሚያገናኙትም ከፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች ናቸው። ካርዱ ኪስ ቦርሳ ውስጥ ሲታጠፍ ወይም በሻካራ መቁረጫ ሲጫን ሽቦው ይበጠሳል ወይም ቺፑ ይሰነጠቃል። ከላይ ምንም አይታይም። እንዲህ ያለው ካርድ በማንም ስልክ አይታይም። ያኔ ምትክ ማውጣት ትክክል ነው። እኔም ብዙ ሰው «ይሄስ ሞቷል፣ ይቀየር» ብዬ ወደ ማዕከል ልኬያለሁ።

የእናቲቱ ካርድ ግን ደህና ነበር። ምትክ ማውጣት ደግሞ ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። አዲስ ካርድ ሲወጣ ቁጥሩ ወደ አዲሱ ይዛወራል፣ አሮጌው መስመሩን ያጣል። ስሞችን ሲም ላይ የመዘገበ ሰው ደግሞ ስሞቹ ከአሮጌው ካርድ ጋር ይቀሩበታል። እናቲቱም የልጃቸውን ቁጥር በቃላቸው አያውቁትም ነበር። ከሁለት ሳምንት በላይ ሊደውሉላት አልቻሉም። ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ መስመሩ የተቋረጠ ካርድ ላይም የተመዘገበው ስም አይጠፋም። ካርዱን በእኔ ስልክ ከትቼ ስሞቹን ወደ ስልካቸው ገለበጥኩ። የልጃቸው ስም ሲመጣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። አሮጌው ካርድ እዚያው መስኮት ላይ ተጥሎ ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ፈቃድ የምትሰጧቸው ድርጅቶች ሁሉ፣ ምትክ ሲም ከማውጣታቸው በፊት የደንበኛውን ካርድ በአንድ መሞከሪያ ስልክ፣ አንድ መሞከሪያ ካርድ ደግሞ በደንበኛው ስልክ እንዲሞክሩ መመሪያ ስጡልን። ለአንድ መስኮት አንድ ርካሽ ስልክና አንድ የሚሠራ ሲም ይበቃል። ችግሩ ሄድ መለስ የሚል ሊሆን ስለሚችል ካርዱ ከታየ በኋላ ስልኩን ቸብ ቸብ አድርገው አንዴ አጥፍተው ያስነሱት። ውጤቱንም በአንድ መስመር ጽፈው ለደንበኛው ይስጡት፦ «ካርዱ ይሠራል፣ ቀፎው ይታይ» ወይም «ካርዱ አይሠራም፣ ተቀይሯል»። ያንን ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው እኔ ጋም ሆነ ሌላ ጠጋኝ ጋ «ሲምዎ ነው» ተብሎ አይመለስም። እኛ ጠጋኞችም ሳንሞክር የምንናገርበት ጊዜ አለ፤ ወረቀቱ እኛንም ያስተካክለናል።

ሁለተኛው፣ ትልቅ ካርድ ይዞ ናኖ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ካርዱ አይቆረጥ፣ በናኖ ይቀየርለት። ከመቀየሩ በፊትም «ሲምዎ ላይ ስም አለ?» ተብሎ ይጠየቅ፣ አሮጌው ካርድም በእጁ ይሰጠው።

የተኛውን ምላስ ፎቶ አንስቼዋለሁ። ከእናንተ ወገን ሰው ቢመጣ ፎቶውንም፣ ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን አድርጌ የውፍረታቸውንም ልዩነት በመለኪያ አሳያለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ደሴ ያለ የሞባይል ጠጋኝ